41ኛው ልጅ የት ይቀመጣል?

(የመግቢያ ሙዚቃ ተሰምቶ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅት ወረቀትና እርሳስ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር ካለ እሱንም አጠገባችሁ አድርጉት። ሬዲዮ እየሰሙ ማካፈል እንደማይመች ስለማውቅ ቁጥሮቹን ቀስ ብዬ፣ ሲያስፈልግም እየደገምኩ እናገራለሁ።

ጉዳያችን በነሐሴ፣ የምዝገባው ሰሞን፣ በትምህርት ቤቶች በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ነው። «ምዝገባ ሞልቷል» ይላል፤ ከሥሩ ማኅተምና ፊርማ አለ፣ በቃ። ወላጅ አንብቦ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ይገባል። «አንድ ልጅ ነው እኮ» ይላል። «ቦታ የለም» ይባላል። «እንዴት አንድ ልጅ ቦታ ይጠፋለታል?» እየተባለ ይቀጥላል። ልብ ብላችሁ ከሆነ በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ክፍሉ ስንት በስንት እንደሆነ የሚጠራ ሰው አይኖርም። ለእኔ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ግማሽ ማስታወቂያ ነው። ወላጅ ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን ውሳኔው የወጣበትን ስሌትም ማየት አለበት፤ አይቶም መመርመር መቻል አለበት።

ስለዚህ ለዛሬ ስሌቱንም የያዘ አንድ ናሙና ማስታወቂያ አዘጋጅተናል። ርዕሰ መምህሯ ለወላጆች የጻፉት ነው እንበል። ላንብበው።

«ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ። ጉዳዩ፦ የመማሪያ ክፍልን የመያዝ አቅም ስለማሳወቅ። በትምህርት ቤታችን አንድ የመማሪያ ክፍል በውስጥ በኩል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲለካ ወርዱ 7 ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር ነው። የወለሉ ስፋት 56 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለአንድ ተማሪ 1.4 ካሬ ሜትር ይዘን አንድ ክፍል 40 ተማሪ እንዲቀበል ወስነናል። ይህ ስፋት የመምህሩን ቦታ፣ መተላለፊያውንና የቁም ሳጥኑን ቦታ ይጨምራል። የ4ኛ ክፍል ሁለት ምድቦች 80 ተማሪ በመመዝገባቸው ምዝገባው ተጠናቋል። ልኬቱን መመልከት የሚፈልግ ወላጅ በሥራ ሰዓት ሊመጣ ይችላል።»

ማስታወቂያው ይኸው ነው። አጭር ነው፤ ግን እያንዳንዷ ቃል ሥራ አላት። ከመጀመሪያው እንነሳ።

«በውስጥ በኩል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ» የሚለው ለምን ገባ? አንዳንድ ጊዜ የክፍሉ ልክ ተብሎ የሚጠቀሰው ከሕንፃው ፕላን ላይ የተነበበ ወይም በውጭ በኩል ዞረው የለኩት ነው። የብሎኬት ግድግዳ 20 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት አለው። በግራም በቀኝም ግድግዳ ስላለ በወርዱ 40 ሳንቲሜትር፣ በርዝመቱም እንዲሁ 40 ሳንቲሜትር ይጨመራል። የእኛ ክፍል ከውጭ ሲለካ 7.40 በ8.40 ይሆናል ማለት ነው። ሲባዛ ከ62 ካሬ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ይህን በ1.4 ካካፈልነው 44 ተማሪ ይወጣል። ከ40 ወደ 44 ያደረሰን ምንድን ነው? ግድግዳው። አራት ልጆች ብሎኬት ውስጥ እንዲቀመጡ ተመድበዋል። ቀልድ ይመስላል እንጂ የክፍል አቅም በወረቀት ላይ የሚያብጠው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለ ነገር ነው፤ ማንም ሳይዋሽ።

ቀጥሎ ማካፈሉ ነው። 7 በ8 ሲባዛ 56። 56 ለ1.4 ሲካፈል 40። ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ስለወጣ ተመችቶናል። ሌላው ክፍል 6.20 በ7.40 ቢሆንስ? ወደ 46 የሚጠጋ ካሬ ሜትር ነው፤ ለ1.4 ሲካፈል 32.8 ያህል ይመጣል። ትምህርት ቤት ሒሳብ ስንማር ከግማሽ ከበለጠ ወደ ላይ እናጠጋጋ ነበር፤ እዚህ ግን አይሆንም። 32 ነው፣ ነጥብ ስምንቱ ይጣላል። ቦታው ለ33ኛው ልጅ አይበቃምና።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ 1.4 ከየት መጣ? ዳይሬክተሯ ከራሳቸው ፈጥረውት ነው? ብዙ ሰው እንደሚገምተው አንድ ልጅ ሲቀመጥ የሚይዘው ቦታ ተለክቶ የተገኘም አይደለም። አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከ1.4 ካሬ ሜትር በጣም ያነሰ ነው የሚይዘው። ቁጥሩ የልጁ ድርሻ ነው። የመቀመጫው፣ የመጻፊያው፣ የሚያልፍበት መንገድ፣ መምህሩ ቆሞ የሚያስተምርበት ቦታ፣ የቁም ሳጥኑ፣ የሁሉም ድርሻ ተደምሮ ማለት ነው። ትክክለኛነቱን ማጣራት የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ዴስኮቹን ወለሉ ላይ በመደርደር። በእርሳስ እንደርድራቸው።

ወረቀታችሁ ላይ አራት ማዕዘን ሳሉ። አጭሩ ጎን 7 ሜትር፣ ረጅሙ 8። ሰሌዳው በአጭሩ ግድግዳ ላይ ነው፤ በሩም በሰሌዳው በኩል ባለው የጎን ግድግዳ ላይ ነው፣ አብዛኛው ክፍላችን እንደዚያ ነው የሚሠራው። ከሰሌዳው እስከ መጀመሪያው ዴስክ 2 ሜትር ይተው። መምህሩ የሚንቀሳቀስበት፣ ጠረጴዛው የሚቀመጥበት፣ ልጅ ወጥቶ ሰሌዳ ላይ የሚሠራበት፣ በሩ ተከፍቶ ልጆች የሚገቡበት ይኸው ቦታ ነው። ከዚህ ካነሰ ፊት የተቀመጠው ልጅ ቾክ ይበላል፣ ሰሌዳውንም አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚያየው። 2 በ7፣ 14 ካሬ ሜትር። ልብ በሉ፤ አንድም ዴስክ ሳናስገባ ከወለሉ ሩብ ያህሉ ሄደ። የቀረን 42 ካሬ ሜትር ነው።

ዴስኩ መቀመጫውና መጻፊያው የተያያዘው፣ ኮምባይንድ የምንለው ነው። ወርዱ 1.20፣ ለሁለት ልጅ የተሠራ። ከፊት ጫፉ እስከ መቀመጫው ጀርባ 90 ሳንቲሜትር ይዟል እንበል፤ በሚቀጥለው ዴስክ የሚቀመጠው ልጅ እግሩን አስገብቶ እንዲቀመጥ 10 ሳንቲሜትር ስንጨምር አንድ ረድፍ 1 ሜትር ይፈጃል። ከ8 ሜትሩ የፊቱ 2 ሜትር ሲቀነስ 6 ይቀራል። አምስት ረድፍ ስናስገባ ከኋላ 1 ሜትር ይተርፋል፤ ቁም ሳጥኑም የኋላ መተላለፊያውም እሱ ነው። ስድስተኛ ረድፍ ይገባል? ይገባል። ግን የመጨረሻው መቀመጫ ጀርባ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ቁም ሳጥኑ ይወጣል፣ በኋላ በኩልም ማለፍ አይቻልም።

ጎን ለጎን ደግሞ አራት ዴስክ 4.80 ይፈጃል። ከ7 ሜትር 2.20 ተረፈ። በአራቱ መካከል ሦስት መተላለፊያ አለ፤ እያንዳንዱ 60 ሳንቲሜትር ሲሆን 1.80 ነው። 40 ሳንቲሜትር ተረፈ፤ በየግድግዳው በኩል 20 ተውት። አራት ጎን ለጎን፣ አምስት ወደ ኋላ፣ 20 ዴስክ። ሁለት ሁለት ልጅ፣ 40 ተማሪ። ዳይሬክተሯ አካፍለው ያገኙትን እኛ ደርድረን አገኘነው። 1.4 ለዚህ ዴስክና ለዚህ ክፍል የሚስማማ ቁጥር ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁለት ትምህርት ቤት ለማወዳደር የሚፈልግ ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ነው። «እነዚያኞቹ በ1 ካሬ ሜትር ያስገባሉ፣ እናንተ 1.4 ትላላችሁ» ይባላል። የፊቱን 14 ካሬ ሜትር ቀንሰን የቀረውን 42 ለ40 ብናካፍል 1.05 ይመጣል። ክፍሉ ያው ነው፣ ልጆቹም ያው 40 ናቸው፤ የተለየው ምን ተቆጥሮ ምን እንደተተወ ነው። ማስታወቂያው «የመምህሩን ቦታ፣ መተላለፊያውንና የቁም ሳጥኑን ቦታ ይጨምራል» ያለው ለዚህ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር የሌለበት የካሬ ሜትር ቁጥር ከምንም ጋር አይወዳደርም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቢሮው እንግባ። የልጅ ልጃቸውን ይዘው አንድ ሽማግሌ መጡ እንበል።

«ልጄ፣ አንድ ሕፃን ስንት ቦታ ይይዝብሻል? ጥግ ብትሰጪው ይበቃዋል።»

«አባባ፣ ቦታ የለም» ይላሉ ዳይሬክተሯ።

ሽማግሌው እውነታቸውን ነው፤ ዳይሬክተሮች ይህን ማመን ባይወዱም። 56 ለ41 ሲካፈል 1.37 ካሬ ሜትር ይመጣል። ከእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ የተቀነሰው የአንድ ደብተር ልባስ የሚያህል ነው። በዚህ ማንም ልጅ አይጎዳም። ሽማግሌው በሒሳቡ ያሸንፋሉ።

ግን ልጁ በአማካይ ላይ አይቀመጥም። ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሃያው ዴስክ ሁሉ ሁለት ሁለት ልጅ ይዟል። 41ኛው ልጅ አንዱ ዴስክ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይገባል። እዚያ ዴስክ ላይ የነበሩት ሁለት ልጆች እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲሜትር ነበራቸው፤ አሁን ሦስቱም 40፣ 40 ይደርሳቸዋል። ደብተር ተከፍቶ ሲዘረጋ ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ነው። መጽሐፍ አጠገቡ አይቀመጥም፤ ክንድም አይዘረጋም። የተቀሩት 38 ልጆች ምንም አልቀረባቸውም፤ ዋጋውን የከፈሉት ሁለት ልጆችና አዲሱ ልጅ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ግራኝ ከሆነና መሀል ከተቀመጠ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ክርን ከክርን ይጋጫል። (በነገራችን ላይ ግራኝ ልጅ ያላችሁ፣ ዴስኩ የሞላ ባይሆንም በግራ ጫፍ እንዲቀመጥላችሁ መምህሩን ጠይቁ፤ ምንም ወጪ የለውም።)

ስለዚህ ለሽማግሌው ትክክለኛው መልስ «ቦታ የለም» አይደለም። «ልጁ የማን ዴስክ ላይ ሦስተኛ ይሁን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ማንም ወላጅ በራሱ ልጅ ላይ ሲሆን ወዲያው ይገባዋል። ሊፈቀድ ይችላል፣ ሁኔታው ሊያስገድድም ይችላል፤ መንደሩ ውስጥ ሌላ ትምህርት ቤት ከሌለ 41ኛውን ልጅ ቤት ማስቀረት ሦስት ሆኖ ከመቀመጥ የከፋ ነው። እኔም ብሆን እንዲህ ባለ ቦታ ልጁን አስገባዋለሁ። ሦስተኛው መቀመጫ ግን በየሳምንቱ መዞር አለበት፤ አለዚያ እነዚያው ሁለት ልጆች ዓመቱን ሙሉ ይከፍላሉ።

በሦስት ሦስት ማስቀመጥ በሁሉም ዴስክ ሲደረግ ክፍሉ 60 ልጅ ይይዛል። በአንድ ልጅ 0.93 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ጊዜ ክፍሉ መጨናነቁን ለማወቅ መቁጠርም አያስፈልግም። መሀል የተቀመጠው ልጅ ሽንት ቤት ለመውጣት ጎረቤቱን ያስነሳል። ደብተር ጉልበት ላይ ይወርዳል። ቦርሳ መሬት ይቀመጥና መተላለፊያው ይዘጋል፤ መምህሩ ከሰሌዳው አጠገብ ይቀራል። ልጃችሁ ከኋላ የሚቀመጥ ከሆነ ደብተሩን ገልጣችሁ እዩ፤ ከፊት ያሉት ልጆች ደብተር በክፍል ውስጥ ታርሞ የእሱ ሳምንታት ያልታረመ ከሆነ፣ መምህሩ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን መድረስ ስላልቻለ ሊሆን ይችላል።

አየሩም አለ። ክፍሉ እስከ ኮርኒሱ 3 ሜትር ከፍታ ካለው 168 ሜትር ኪዩብ አየር ይይዛል። ለ40 ልጅ 4.2 ይደርሳል፤ ለ60 ልጅ 2.8 ብቻ። የወለል ስፋት ስለ አየር ምንም አይናገርም፤ ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ክፍልና ከፍ ያለ ክፍል በካሬ ሜትር እኩል ናቸው። መስኮቶቹ በሁለቱም በኩል ተከፍተው ነፋስ የሚያልፍ ከሆነ ልዩነቱ ይቀንሳል። ብርድ ሲሆን መስኮት የሚዘጋበት ከተማ ውስጥ ግን ከእረፍት በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ በሩን ከፍታችሁ ብትገቡ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አንዳንድ አድማጮች አሁን «መንግሥት 50 ይፈቅድ የለም እንዴ?» ሳይሉ አልቀሩም። የአገራችን የትምህርት ዘርፍ ዕቅዶች ለብዙ ዓመት የጠቀሱት የተማሪና ክፍል ጥምርታ ለአንደኛ ደረጃ 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ነበር። ይህ ጥምርታ የሚናገረው በአንድ ምድብ፣ በአንድ መምህር ፊት፣ ስንት ልጅ ይቀመጥ ስለሚለው ነው። ክፍሉ ጠባብ ይሁን ሰፊ አይጠይቅም። የወለል ስፋት ስሌት ደግሞ ስለ መምህሩ አይጠይቅም። ሁለቱም ጣሪያ ናቸው፤ የሚሠራው ዝቅተኛው ነው። ባለ 56 ካሬ ሜትሩ ክፍል 50 ልጅ ቢገባበት ለአንዱ 1.12 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ከ20ው ዴስክ 10ሩ ሦስት ልጅ ይይዛሉ ማለት ነው። በሌላ በኩል አዳራሽ የሚያህል 100 ካሬ ሜትር ክፍል ቢገኝ በ1.4 ሲካፈል 71 ልጅ ይወጣል፤ ያኔ ደግሞ ጥምርታው ነው የሚያቆመን።

አሜሪካ ያላችሁ አድማጮቻችን ልጆቻችሁ የሚማሩበትን ሕንፃ በሚመለከት ሌላ ቁጥር ልትሰሙ ትችላላችሁ። በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚሠራበት የሕንፃ ደንብ ለመማሪያ ክፍል በአንድ ሰው 20 ካሬ ጫማ ያስባል፤ 1.86 ካሬ ሜትር ነው። በዚያ ስሌት የእኛው ክፍል 30 ሰው ይወጣለታል። ቁጥሩ ግን የተሰላው እሳት ቢነሳ ሰው በስንት በር ይወጣል የሚለውን ለመወሰን ነው። በዚያው ደንብ መሠረት ክፍሉ 50 ሰውና ከዚያ በላይ የሚይዝ ከሆነ ሁለት መውጫ ያስፈልገዋል፤ በሩም ወደ ውጭ፣ ሰው በሚወጣበት አቅጣጫ መከፈት አለበት። ማካፈሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥያቄው ግን ሌላ ነው። የእኛ ማስታወቂያ ስለ በሩ አንድም ቃል አላለም፤ እኔ ብሆን እጨምርበት ነበር። 60 ልጅ በአንድ፣ ወደ ውስጥ በሚከፈት በር ሲጋፋ በሩ በራሳቸው ግፊት እንደሚዘጋ ለማወቅ ደንብ ማንበብ አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ማካፈሉ ብቻውን የሚያሳስትባቸውን ሁለት ክፍሎች እንይ። አንደኛው ትንሿ ክፍል ናት። በከተማ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የተከራዩት መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው የሚያስተምሩት፤ መኝታ ቤት የነበረው መማሪያ ሆኗል። 4 በ5 ነው እንበል፣ 20 ካሬ ሜትር። በ1.4 ሲካፈል 14 ልጅ። ደርድሩት። ሰሌዳው በ4 ሜትሩ ግድግዳ ቢሆን የፊቱ 2 ሜትር 8 ካሬ ሜትር ይበላል፤ ከክፍሉ ሩብ ሳይሆን ከሲሶ በላይ። በቀረው 3 ሜትር ሦስት ረድፍ ይገባል፣ የኋላው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ። ጎን ለጎን ሦስት ዴስክ 3.60 ስለሆነ መተላለፊያ አይኖርም፤ ሁለት ብቻ ነው የሚሆነው። ስድስት ዴስክ፣ 12 ልጅ። ሰሌዳውን ወደ 5 ሜትሩ ግድግዳ ብናዞረው ሦስት ጎን ለጎን በሁለት ረድፍ ይገባል፤ አሁንም 12። የፈለግነውን ያህል ብናገላብጠው በዚህ ዴስክ 14 አይገባም። ምክንያቱም የመምህሩ ቦታ ክፍሉ ሲያንስ አብሮ አያንስም። ትንሽ ክፍል ለአንድ ልጅ የሚፈልገው ካሬ ሜትር ከትልቁ ይበልጣል፤ ሰው የሚጠብቀው ግን ተቃራኒውን ነው።

ሁለተኛው ረጅሙ ክፍል ነው። 4 በ14። ይህም 56 ካሬ ሜትር ነው፤ ከመጀመሪያው ክፍላችን ጋር እኩል። ሰሌዳው በ4 ሜትሩ ግድግዳ ላይ ከሆነ ሁለት ዴስክ ጎን ለጎን፣ 11 ረድፍ ወደ ኋላ ይገባል፣ ከኋላም 1 ሜትር ይተርፋል። 22 ዴስክ፣ 44 ልጅ! ማካፈሉ 40 አለ፣ መደርደሩ 44 አለ፤ ደስ ይላል። ግን የመጨረሻው ዴስክ ከሰሌዳው 12 ሜትር ይርቃል። ባለ 7 በ8ቱ ክፍል ውስጥ የኋለኛው ዴስክ በ6 ሜትር ላይ ነበር። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፊደሉ ለዓይን በግማሽ ያንሳል፤ ስለዚህ መምህሩ እጥፍ አድርጎ መጻፍ አለበት፣ ሰሌዳውም ቶሎ ይሞላል። የኋላ ረድፍ ልጆች ከሰሌዳው መገልበጥ ትተው ከፊት ለፊታቸው ካለው ልጅ ደብተር መገልበጥ ይጀምራሉ። እንዲህ ያለውን ክፍል አቅሙን በካሬ ሜትር ከመወሰን ይልቅ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳውን አንብቦ መወሰን ይሻላል፤ ማንበብ ያልቻሉበት ረድፍ አይቆጠርም።

ማስታወቂያው ያልጠቀሰው አንድ ሌላ ነገር አለ። ከ40ው ልጅ አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ቢሆንስ? ወንበሩን ለማዞር 1.50 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቦታ ይፈልጋል፤ በቀጥታ ለማለፍ 90 ሳንቲሜትር። የእኛ መተላለፊያ 60 ነው። የፊቱ 2 ሜትር ለማዞር ይበቃል፤ ስለዚህ በበሩ በኩል ካለው የፊት ዴስክ አንዱ ይወጣል፣ ልጁ በቦታው ይገባል። ሁለት መቀመጫ ወጥቶ አንድ ገባ፤ አቅሙ 39 ሆነ። ልጁ ሁልጊዜ ፊት ብቻ እንዲቀመጥ ካልተፈለገ ደግሞ በግድግዳው በኩል የተውነውን 20፣ 20 ሳንቲሜትር አስታውሱ። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ብናስጠጋቸው አንዱን መተላለፊያ 90 ማድረግ ይቻላል፤ 90፣ 60፣ 60 ሲደመር 2.10 ነው፣ የነበረን 2.20። ያኔ ልጁ በየትኛውም ረድፍ፣ ከዚያ መተላለፊያ ዳር፣ ጓደኛው አጠገብ መቀመጥ ይችላል። መቀመጫው ግን አሁንም ከአንድ ዴስክ ምትክ ስለሚሆን 39ኝነቱ አይቀርም፤ ክፍሉን ሞላ ከማለታቸው በፊት ትምህርት ቤቶች ይህን አስቀድመው ሊቆጥሩት ይገባል።

ከመለያየታችን በፊት ብዙ ጊዜ በወላጅ ስብሰባ ላይ የሚነሳ አንድ ቁጥር ላጥራ። «ትምህርት ቤቱ 12 ክፍል ነው ያለው፣ ተማሪው 900 ነው፣ በአንድ ክፍል 75 ማለት ነው» ይባላል። በሁለት ፈረቃ የሚሠራ ትምህርት ቤት ከሆነ አይደለም። 12 ክፍል በ40 ሲባዛ በአንድ ፈረቃ 480 ነው፤ በሁለት ፈረቃ 960። 900 ተማሪ ከአቅም በታች ነው። ግን ይህ አማካይ ስለሆነ ሌላም ነገር ይደብቃል፤ 1ኛ ክፍል 55 ሆኖ 6ኛ ክፍል 28 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወመህ ውስጥ ያላችሁ ወላጆች የምትጠይቁት የትምህርት ቤቱን ድምር አይሁን። የእያንዳንዱን ክፍል የውስጥ ወርድና ርዝመት፣ የዴስኩን ቁጥርና ዴስኩ ለስንት ልጅ እንደተሠራ፣ በየፈረቃው የተመዘገበውን ልጅ ጠይቁ። በአንድ ገጽ ላይ የሚያልቅ ሠንጠረዥ ነው። ዴስኩ ሲቀየር፣ ለምሳሌ ባለ 1.20ው ወጥቶ የተናጠል ወንበርና ጠረጴዛ ሲገባ፣ ያው 56 ካሬ ሜትር ሌላ ቁጥር ስለሚሰጥ ሠንጠረዡ እንደገና ይሠራል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የኮርኒሱን ከፍታና የመስኮቱን ስፋት ይዘን ስለ ክፍል አየርና ብርሃን እንነጋገራለን። ሜትሩን እስከዚያ አትመልሱት። ደህና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)